አንድ ደንበኛ ብቻውን ቡድን ሲሆን፦ የ440 የጅምላ ደንበኞች ጉዳይ ጥናት

ፖርቱጋል ውስጥ የሚሠራ አንድ የጅምላ አከፋፋይ 440 ደንበኞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ከምን ዓይነት ዕቃ በገንዘብ ምን ያህል እንደገዙ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የመረጃ ቋት ውስጥ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስለተቀመጠ ማንም አውርዶ ሊሠራበት ይችላል። ተመሳሳይ ነገሮችን በቡድን የሚከፍለውን ኬ-ሚንስ የተባለ ስልት የሚማር ሰው ብዙ ጊዜ እጁን የሚያሟሽበትም በዚሁ ነው። እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ግን በሌላ ምክንያት ነው። «ደንበኞቼን ስንት ቦታ ልክፈላቸው?» የሚለው ጥያቄ ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት ከዚህ ሠንጠረዥ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ አላየሁም።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስድስት የግዢ ዓምዶች አሉ፦ ትኩስ ምግብ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ሸቀጣ ሸቀጥ፣ የቀዘቀዘ ምግብ፣ የጽዳት ዕቃና ወረቀት፣ በመጨረሻም እንደ አይብና የተዘጋጀ ሥጋ ያሉት የዴሊካቴሰን ምግቦች። ከእነዚህ ሌላ ሁለት የኮድ ዓምዶች አሉ። `Channel` የሚለው ደንበኛው ምን እንደሆነ ይናገራል፤ 1 ከሆነ ሆቴል፣ ሬስቶራንት ወይም ካፌ ነው፣ 2 ከሆነ ቸርቻሪ ሱቅ። የመጀመሪያዎቹ 298፣ ሁለተኞቹ 142 ናቸው። `Region` ደግሞ ቦታውን ይናገራል፦ 1 ሊዝበን፣ 2 ፖርቶ፣ 3 ሌላ ቦታ።

ኬ-ሚንስ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ኬ ብለን በሰጠነው የቡድን ብዛት ልክ ማዕከሎች ይተክላል፤ እያንዳንዱን ደንበኛ ለሚቀርበው ማዕከል ይሰጣል፤ ከዚያ ማዕከሉን ወደ አባላቱ አማካይ ያዛውረዋል፤ ማንም ቡድን መቀየር እስኪያቆም ድረስ ይህንኑ ይደጋግማል። የሚያሳንሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ደንበኛ ከራሱ ማዕከል ያለው ርቀት በራሱ ተባዝቶ ሲደመር የሚገኘውን። ከዚህ በኋላ «ድምሩ» የምለው እሱን ነው። «በራሱ ተባዝቶ» የሚለውን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ታሪኩ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው።

ሁለቱን የኮድ ዓምዶች ከስሌቱ አስቀድሜ አወጣለሁ። ስምንቱንም ዓምዶች አንድ ላይ የሚያስገቡ ብዙ ናቸው፤ ውጤታቸውም ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ሊዝበን 1፣ ፖርቶ 2፣ ሌላው 3 ሲባል፣ ኬ-ሚንስ ፖርቶን በሁለቱ መካከል ያለች ቦታ አድርጎ ይቆጥራታል፤ ኮዱ መለያ እንጂ መጠን እንዳልሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። `Channel`ን ማስገባት ደግሞ የፈተናውን መልስ ለተፈታኙ እንደመስጠት ነው። ደንበኞቹ በግዢያቸው ብቻ ሆቴልና ሱቅ ሆነው ይለያሉ ወይ ብዬ ልጠይቅ ካሰብኩ፣ መለያው ከውጭ ሆኖ መጠበቅ አለበት።

ቀጥሎ ሚዛኑ ነው። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ደንበኛ እንውሰድ። የመጀመሪያው ትኩስ ምግብ 12,669፣ ወተት 9,656፣ ሸቀጣ ሸቀጥ 7,561 ገዝቷል። ሁለተኛው ትኩስ ምግብ 7,057፣ ወተት 9,810፣ ሸቀጣ ሸቀጥ 9,568። ሁለቱም ሱቆች ናቸው፤ በስድስቱ ዓምዶች ያላቸው ርቀት ሲሰላ 6,206 ይመጣል። ይህን ርቀት ከሠራው ካሬ ውስጥ 82 በመቶው የመጣው ከትኩስ ምግብ ብቻ ነው። ትኩስ ምግብ በትልልቅ ቁጥር ስለሚገዛ ሌሎቹን ይውጣቸዋል። ስለዚህ የተለመደው እርምጃ እያንዳንዱን ዓምድ ከአማካዩ ቀንሶ ለስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ማካፈል ነው። ያኔ የስድስቱም ድምጽ እኩል ይሆናል ይባላል።

የሚቀጥለው እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው።

ዓምዶቹ በዚህ መንገድ ከተመዘኑ በኋላ፣ ሁሉም በአንድ ቡድን ውስጥ ሳሉ ድምሩ ስንት እንደሆነ ኮምፒውተር ሳይነካ ይታወቃል፦ 440 ደንበኛ በ6 ዓምድ፣ 2,640። ኬ-ሚንስ ሥራው ይህን 2,640 ማሳነስ ነው። አሁን 184ኛውን ደንበኛ እንይ። በዴሊካቴሰን ዓምድ 47,943 ገዝቷል። የዓምዱ አማካይ 1,525፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 2,820 ነው። ስለዚህ ይህ ደንበኛ ከአማካዩ ከ16 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ ይርቃል፤ በራሱ ሲባዛ 271 ይሆናል። የዓምዱ ጠቅላላ ድርሻ 440 ስለሆነ፣ 440 ደንበኞች በዴሊካቴሰን ከሚለያዩበት ነገር ሁሉ 62 በመቶውን የተሸከመው አንድ ሰው ነው። የዓምዶቹ ድምጽ እኩል ሆነ ስንል የደንበኞቹ ድምጽ እኩል አልሆነም።

የቀሩትን አምስት ዓምዶቹን ጨምሬ ስደምር፣ 184ኛው ደንበኛ ለብቻው ከ2,640ው ውስጥ 352 ገደማ ይይዛል። እንግዲህ ኬ-ሚንስን «ለሁለት ክፈል» ብንለው ምን ያተርፋል? ይህን ደንበኛ አውጥቶ ብቻውን ቡድን ቢያደርገው፣ የቀሩትን 439 እንዳሉ ቢተዋቸው፣ ድምሩ በ352 ይወርዳል። ለንጽጽር ያህል፣ ሆቴሎቹን በአንድ ወገን ሱቆቹን በሌላ ወገን ብንከፍላቸው ድምሩ በስንት እንደሚወርድ ከቡድኖቹ አማካይ አስልቼዋለሁ፤ በ466። 440 ነጋዴዎችን በሥራቸው ዓይነት መለየትና አንድን ሰው ከሰልፍ ማውጣት፣ በኬ-ሚንስ ሒሳብ ይህን ያህል ተቀራራቢ ትርፍ አላቸው። ይህንን ስሌት መጀመሪያ በወረቀት ስሠራ ቆም ብዬ ደግሜ አስልቼዋለሁ፤ ልክ ነበር።

ብቻውንም አይደለም። 86ኛው ደንበኛ ሸቀጣ ሸቀጥ 92,780፣ የጽዳት ዕቃ 40,827 ገዝቷል፤ እሱ ለብቻው 174 ገደማ ይይዛል። 182ኛው ትኩስ ምግብ 112,151፣ 326ኛው የቀዘቀዘ ምግብ 60,869 ገዝተዋል። የእያንዳንዱ ዓምድ ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ አፈንጋጭ ተቀምጧል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ሁለቱን የኬ መምረጫዎች በዚህ ሠንጠረዥ ላይ እናስብ። አንደኛው የክርን ዘዴ ነው፦ ኬን ከ1 ጀምሮ እየጨመሩ ድምሩ ሲወርድ በመስመር ይሣላል፤ መስመሩ እንደ ክርን የሚታጠፍበት ቦታ ይመረጣል። እዚህ ግን በእያንዳንዱ ጭማሪ አንድ ወይም ጥቂት አፈንጋጮች ሊቀነጠሱ ስለሚችሉ፣ ድምሩ ቀስ እያለ ሳይታጠፍ ይወርዳል። ሰዎች ስዕሉን አይተው አንዱ 3፣ አንዱ 5፣ አንዱ 6 የሚሉት ለዚህ ነው። የሚቆጥሩት የደንበኛ ዓይነት አይደለም፤ ስንት አፈንጋጭ ለብቻው እንደተቀመጠ ነው።

ሁለተኛው ሲሉዌት ነው፤ ፒተር ሩሴው በ1987 እ.ኤ.አ. ያቀረበው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከራሱ ቡድን አባላት ያለው አማካይ ርቀትና ከቀጣዩ ቅርብ ቡድን ያለው አማካይ ርቀት ይነጻጸራሉ። 1 ከሆነ በሚገባ ተለይቷል፣ 0 ከሆነ ድንበር ላይ ነው፣ ከ0 በታች ከሆነ የሌላው ቡድን ሳይሆን አይቀርም። ይህ ከክርኑ የተሻለ ነው ተብሎ ይታመናል፤ በብዙ ቦታም ነው። እዚህ ግን እንመዝነው። 184ኛው ደንበኛ ከጠቅላላው አማካይ 18.8 ይርቃል። ሁለት ተራ ደንበኞች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በአማካይ ከ3.5 አይበልጥም። ስለዚህ 184ኛውን ብቻውን ብናስቀምጠው፣ ለአንድ ተራ ደንበኛ የራሱ ቡድን ርቀት 3.5 ገደማ፣ የሌላው ቡድን 18.8 ገደማ ይሆናል፤ ሲሉዌቱም ወደ 0.8 ይጠጋል። በመማሪያ መጻሕፍት «በጣም ጠንካራ አከፋፈል» የሚባለው ቁጥር ይህ ነው። ለአከፋፋዩ ግን ያስተማረው ነገር ቢኖር አንድ ትልቅ የዴሊካቴሰን ገዢ እንዳለው ብቻ ነው፤ እሱን የሽያጭ ሠራተኛው ድሮም ያውቀዋል።

ስለዚህ ከሁለቱም ቁጥሮች በፊት የማየው የቡድኖቹን መጠን ነው። ከ440ው ውስጥ አንዱ ቡድን 1 ወይም 3 ሰው ካለው፣ የትኛውም ስዕል ቢያምር አላምነውም።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? የግዢ መጠን በንግድ ዓለም የሚያድገው በማባዛት ነው፤ ከ500 ወደ 1,000 መሄድና ከ5,000 ወደ 10,000 መሄድ አንድ ዓይነት እርምጃ ናቸው። ይህን የሚያከብረው ሎጋሪዝም ነው። የዴሊካቴሰን ሚዲያን 965.5 ነው። በሎጋሪዝም 47,943 ከዚህ ሚዲያን የሚርቀው 3.9 ብቻ ይሆናል። ግዙፉ ደንበኛ ትልቅነቱን ሳያጣ ወደ ሰልፉ ተመለሰ ማለት ነው።

ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ፤ አንድ ነገር ግን ይቀራል። በዚሁ ዓምድ ትንሹ ቁጥር 3 ነው። በሎጋሪዝም 3 ከሚዲያኑ 5.8 ይርቃል፤ ከግዙፉ ደንበኛም በላይ። አፈንጋጩ ጠፍቶ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ዞሮ ነው። በ3ና በ30 መካከል ያለው ልዩነት ለአከፋፋዩ የሚያወራርደው ነገር የለም፤ ምናልባት አንድ ጥቅል አይብ ነው። በሎጋሪዝም ግን ከ3,000ና ከ30,000 ልዩነት ጋር እኩል ይቆጠራል።

76ኛው ደንበኛ ለዚህ ምስክር ነው። ትኩስ ምግብ 20,398፣ የቀዘቀዘ ምግብ 4,407 የገዛ ጥሩ ደንበኛ ነው፤ ሸቀጣ ሸቀጥና የጽዳት ዕቃ ግን 3፣ 3 ብቻ። በዚህ ሠንጠረዥ የሚሠሩ ብዙዎች ከሎጋሪዝም በኋላ ከአንድ ዓምድ በላይ ከመስመር የወጡ አምስት ደንበኞችን ይሰርዛሉ፤ ይህ ደንበኛ ከአምስቱ አንዱ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሳሙና የማይገዛ የምግብ ቤት ደንበኛ ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም ለመለየት የምንፈልገው ዓይነት ሰው እሱ ነው። ከመሰረዝ ይልቅ ሎጋሪዝሙን ከመውሰዴ በፊት በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 100 እጨምራለሁ። ያኔ የዚህ ደንበኛ ሸቀጣ ሸቀጥ ከሚዲያኑ የሚርቀው በ7.4 ፈንታ በ3.9 ይሆናል። 100 የተቀደሰ ቁጥር አይደለም፤ «ከዚህ በታች ያለ ልዩነት ለንግዱ ግድ አይሰጠውም» የምልበት ወለል ነው። ሌላ አከፋፋይ ሌላ ወለል ይኖረዋል፤ ቁጥሩን መናገር ያለበትም ዕቃውን የሚያውቀው ሰው ነው።

```python
import numpy as np, pandas as pd
from sklearn.preprocessing import StandardScaler
from sklearn.cluster import KMeans
from sklearn.metrics import silhouette_score

d = pd.read_csv("Wholesale customers data.csv")
X = d.drop(columns=["Channel", "Region"])
Z = StandardScaler().fit_transform(np.log(X + 100))

for k in range(2, 9):
    m = KMeans(n_clusters=k, n_init=50, random_state=1).fit(Z)
    print(k, round(m.inertia_),
          round(silhouette_score(Z, m.labels_), 2),
          np.bincount(m.labels_))
```

`n_init=50` ማለት ከ50 የተለያዩ መነሻዎች ጀምሮ ድምሩ ያነሰውን ያዝ ማለት ነው። ኬ-ሚንስ ከመጥፎ መነሻ ከተነሳ መጥፎ ቦታ ይቆማል፤ በ440 ደንበኛ ላይ 50 ጊዜ መሞከር ደግሞ ምንም ያህል ጊዜ አይፈጅም። በመጨረሻው መስመር የሚታተመው `np.bincount` የቡድኖቹን መጠን ያሳያል፤ ከላይ ያልኩት መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር እሱ ነው።

በሎጋሪዝም ከተሠራ በኋላ በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ደጋግሞ ከፍ የሚለው ኬ 2 ነው። በተለመደው መንገድ፣ አምስቱ ተሰርዘው ዓምዶቹም ወደ ሁለት ዋና አቅጣጫዎች ሲጠበቡ፣ ሲሉዌቱ 0.42 አካባቢ ይቆማል። ከ0.8 ወደ 0.42 ወረደ ብሎ ማዘን አይገባም፤ የመጀመሪያው 0.8 የአንድ ሰው ርቀት ነበር፣ ይህኛው የመቶዎች ነው። ሁለቱ ቡድኖች ምን እንደሆኑ በማዕከሎቻቸው ይነበባል። አንዱ ሸቀጣ ሸቀጥ 2,500 ገደማ፣ የጽዳት ዕቃ 300 ገደማ የሚገዛ፣ በትኩስ ምግብ የሚበረታ ነው። ሌላው ሸቀጣ ሸቀጥ 12,000፣ የጽዳት ዕቃ 4,500 ገደማ የሚገዛ፣ በትኩስ ምግብ ግን የሚያንስ። ማን እንደሆኑ መገመት አያስቸግርም፤ ወጥ ቤት ያለውና መደርደሪያ ያለው።

ተደብቆ የቆየው `Channel` አሁን ይወጣል። በእሱ መሠረት የሆቴሎቹ የጽዳት ዕቃ አማካይ 791፣ የሱቆቹ 7,270 ነው፤ ዘጠኝ እጥፍ። የተገኘው መስመር ሒሳቡ የፈጠረው ሳይሆን በንግዱ ውስጥ የነበረ መሆኑን ይህ ያረጋግጣል። ሆኖም ከመደሰቴ በፊት አንድ ነገር እመዝናለሁ። የሸቀጣ ሸቀጥና የጽዳት ዕቃ ተዛምዶ 0.92 ነው፣ የወተትና የሸቀጣ ሸቀጥ 0.73። ሦስት ዓምዶች በመሠረቱ ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ መደርደሪያ ስለመሙላት። ኬ-ሚንስ ግን ሦስት የተለያዩ ምስክሮች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የሆቴልና የሱቅ መስመር ጎልቶ የወጣው እውነት ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ድምጽ ስለተሰጠውም ነው። ዓምዶቹን የመረጠ ሰው የቡድኖቹንም ዕጣ ግማሹን ወስኗል።

ታዲያ 2 ይበቃል? እዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይመልስም። አከፋፋዩ ሆቴሉንና ሱቁን ድሮም ያውቃል፤ በመዝገቡ ላይ ጽፎታል። ለእሱ ከ2ቱ ቡድኖች የሚጠቅመው የማይገጥሙት ናቸው፤ በመዝገቡ ሆቴል ተብለው እንደ ሱቅ የሚገዙት። ምናልባት አጠገባቸው ሱቅ የከፈቱ ናቸው፣ ምናልባት መዝገቡ ተሳስቷል። የእነዚህ ስም ዝርዝር ወጥቶ ለሽያጭ ክፍሉ ቢሰጥ፣ ከየትኛውም ባለቀለም ስዕል ይልቅ ሥራ ላይ ይውላል።

3 ወይም 4 የምፈልገው ሦስት ወይም አራት የተለያየ ነገር ማድረግ ስችል ነው፤ ለምሳሌ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ለየትኞቹ እንደሚላክ ስወስን። ያኔም ሦስተኛው ቡድን ምን እንደሆነ አያለሁ። በሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ላይ አዲስ የሚወጣ ቡድን ብዙ ጊዜ «ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚገዙ» ሆኖ ይገኛል። ይህ መጠን እንጂ ዓይነት አይደለም፤ መጠንን ለማወቅ ደግሞ የዓመቱን ድምር ደርድሮ ማየት ይበቃል፣ ኬ-ሚንስ አያስፈልግም። ዓይነትን የሚፈልግ ሰው የእያንዳንዱን ደንበኛ ስድስት ቁጥሮች ለራሱ ጠቅላላ ግዢ አካፍሎ፣ በድርሻ መልክ ቢጀምር ይሻለዋል።

ከዚያ ጽናቱን እፈትናለሁ። 440ውን በዕጣ ሁለት ቦታ 220፣ 220 እከፍላለሁ። በእያንዳንዱ ግማሽ ላይ ለየብቻ ኬ-ሚንስ እሠራለሁ፤ ከዚያ በሁለቱም ማዕከሎች ሁሉንም 440 እመድባለሁ። ሁለቱ ምደባዎች ምን ያህል እንደሚስማሙ `adjusted_rand_score` ይነግረኛል፤ 1 ፍጹም ስምምነት ነው፣ 0 በአጋጣሚ ከሚገኘው አይሻልም። ዕጣውን እየቀየርኩ 20 ጊዜ እደግመዋለሁ። የሆቴልና የሱቅን ያህል እውነተኛ የሆነ መስመር በየትኛውም ግማሽ ተመልሶ መውጣት አለበት። በአንዱ ዕጣ ወጥቶ በሌላው የሚጠፋ አምስተኛ ቡድን ካለ፣ ስም አወጣለት ዘንድ አልቸኩልም።

184ኛው ደንበኛ በመጨረሻ የት ይገባል? ከሎጋሪዝሙ በኋላ ከሆነ ቡድን ጋር ይመደባል፤ በሪፖርቱ ላይ ግን ስሙን ከቡድኑ አውጥቼ ለብቻው እጽፈዋለሁ፣ 86ኛውንና ሌሎቹንም ጭምር። መዝገቡ ሆቴል፣ ሬስቶራንት ወይም ካፌ ይለዋል፤ የገዛው የጽዳት ዕቃ 239 ብቻ ነው፣ የዴሊካቴሰኑ ግን የሚዲያኑ 50 እጥፍ ነው። ምን እንደሚሠራ ሒሳቡ አይነግረንም። የሽያጭ ክፍሉ ስልክ ደውሎ ይጠይቀዋል።